የግራ ላይኛው ሩብ ሲጠፋ ጉዳቱ የት ነው?

ጥያቄ፦ «የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። በኒውሮሳይንስ መልመጃችን ላይ ይህ ጥያቄ አለ። የ38 ዓመት የግንባታ ሠራተኛ ‹የግራ ዓይኔ ደከመብኝ› ብሎ ወደ ጤና ጣቢያ መጣ። ሦስት ሳምንት የቆየና እየባሰ የሄደ ራስ ምታት አለው። አልፎ አልፎ ለአንድ ደቂቃ ያህል የተቃጠለ ጎማ ይሸተዋል፤ አጠገቡ ያሉት ሰዎች ግን ምንም አይሸታቸውም። የቀኝ ጆሮው ከልጅነቱ ጀምሮ መግል ያወጣል። የማየት አቅሙ በሁለቱም ዓይን 6/6 ነው፤ የብሌኖቹ ምላሽ ጤናማ ነው፤ በሁለቱም ዓይን የዕይታ መስኩ የግራ ላይኛው ሩብ አይታየውም። ጉዳቱ የት ነው? እኔ ‹የግራ ኦፕቲክ ነርቭ› አልኩ፤ ጓደኛዬ ‹ቀኝ ኦክሲፒታል ሎብ› አለች፤ መልሱ ‹ቀኝ ቴምፖራል ሎብ› ይላል። ለምን? ተማሪ እህትዎ።»

ምላሽ፦ መልሱ ትክክል ነው፤ የሁለታችሁ ስሕተት ግን እኩል አይደለም። ያንቺ መልስ ገና በመጀመሪያው እርምጃ ይወድቃል። የጓደኛሽ መልስ ግን ከጠፋው ሩብ ጋር ሙሉ በሙሉ ይስማማል፤ የሚወድቀው ጆሮው፣ ሽታውና ሦስቱ ሳምንታት ሲታዩ ነው። ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ የጠፋው መስክ ብቻውን የጉዳቱን ቦታ የሚነግራቸው ይመስላቸዋል። የጠፋው መስክ ሰፈሩን ይነግርሻል፤ ቤቱን የሚነግሩሽ አብረውት የመጡት ሌሎች ምልክቶች ናቸው።

ከመጀመሪያው እርምጃ እንነሣ። ሰውየው «የግራ ዓይኔ» ያለው ዋሽቶ አይደለም። በየቀኑ በአማርኛችን ስለ ዓይን እናወራለን እንጂ ስለ ዕይታ መስክ አናወራም። ሰውየው የሚያውቀው በግራ በኩል የሆነ ነገር እንደጎደለበት ብቻ ነው። ከባሕር ዛፍ የተሠራው መወጣጫ አግዳሚ እንጨት ግንባሩን ሁልጊዜ በግራ በኩል ሲመታው፣ ጥፋቱን የሚጥለው በግራ ዓይኑ ላይ ነው። ለዚህ ደግሞ ምክንያት አለው። የአንድ ዓይን መስክ ወደ ጆሮ በኩል 90 ዲግሪና ከዚያም አለፍ ብሎ ይዘልቃል፤ ወደ አፍንጫ በኩል ግን 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ያቆማል። በግራ በኩል ያለው ዓለም ሲጠፋ የግራ ዓይን ሰፊውን ድርሻ ያጣል፤ የቀኝ ዓይን ደግሞ ጠባቡን። ስለዚህ በሽተኛው ብዙ ያጣውን ዓይን ይከሳል፤ ጥቂት ያጣውን ደህና ነው ይላል። በዚህ የተነሣ መነጽር ሁለትና ሦስት ጊዜ የቀየሩ፣ ዓይናቸውን ሲያስመረምሩ «ደህና ነው» ተብለው የተመለሱ ሰዎች አይቻለሁ። ደህና ነው የተባሉት 6/6 ስላነበቡ ነው። የሁለቱ ዓይን ነርቮች ከሚገናኙበት ከካያዝም በስተጀርባ በአንድ ወገን የደረሰ ጉዳት በሰሌዳ ላይ ያለውን ፊደል የማንበብ አቅም አይቀንስም፤ የቀረው የመሐል ዕይታ ግማሽ ለማንበብ ይበቃልና።

ልዩነቱን የሚያወጣው ምርመራ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። ሰውየው የግራ ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍን። ጉዳቱ የግራ ኦፕቲክ ነርቭ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ በቀኝ ዓይኑ ብቻ ሲያይ ጉድለቱ በጠፋ ነበር። ያንቺ ጥያቄ «በሁለቱም ዓይን» ይላል፤ አንዱን ሸፍኖም ሌላውን ሸፍኖም ያው የግራ ላይኛ ሩብ ይጎድላል። አንድ ነርቭ የሚሸከመው የአንድ ዓይንን መልእክት ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ነርቭ ላይ የደረሰ ጉዳት በሁለቱም ዓይን መስክ ላይ ተመሳሳይ ጉድለት ሊያመጣ አይችልም። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ኦፕቲክ ነርቭ ከዝርዝሩ ይወጣል። የብሌኖቹ ጤናማ ምላሽም ይህንኑ ያጠናክራል፤ በአንድ ወገን ኦፕቲክ ነርቭ ሲጎዳ ብርሃኑን ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ስናመላልስ የተጎዳው ዓይን ብሌን በመጥበብ ፈንታ ይሰፋልና።

አሁን መንገዱን እንከተል። ሰውየው ቀጥ ብሎ እያየ ሳለ በግራው፣ ከፍ ብሎ የመብራት ምሰሶ ላይ አምፖል አለ እንበል። የዓይን ሌንስ ምስሉን ገልብጦ ስለሚያሳርፈው፣ የአምፖሉ ብርሃን በሁለቱም ዓይኖች ሬቲና ላይ የሚያርፈው በቀኝ ታችኛው ክፍል ነው። የግራ ዓይን ሬቲና ቀኝ ግማሽ በአፍንጫ በኩል ያለው ነው፤ የቀኝ ዓይን ሬቲና ቀኝ ግማሽ ግን በጆሮ በኩል ያለው ነው። ካያዝም ላይ የሚሻገሩት ከአፍንጫ በኩል የሚመጡት ክሮች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከግራ ዓይን የመጣው ወደ ቀኝ ይሻገራል፤ ከቀኝ ዓይን የመጣው ደግሞ በዚያው በቀኝ ይቀራል፤ ሁለቱም ቀኝ ኦፕቲክ ትራክት ውስጥ ይገናኛሉ። ከዚህ በኋላ እስከ ኦክሲፒታል ሎብ ድረስ በግራ ያለው ዓለም በሙሉ በቀኝ አንጎል ነው የሚጓዘው።

ላይና ታችን በተመለከተ ደግሞ የሚያዘው ነገር አንድ ብቻ ነው። ሬቲና ላይ በታች ያረፈ ምስል እስከ መጨረሻው በታች በኩል ይሄዳል። የአምፖሉ መልእክት ከሬቲናው የታችኛ ክፍል ተነሥቶ በአንጎል ውስጥ ወደ ኋላ በሚሄዱት በኦፕቲክ ራዲዬሽን የታችኛ ክሮች ያልፋል፤ ከዚያም በኦክሲፒታል ሎብ ላይ ባለው፣ ካልካሪን በሚባለው ስንጥቅ የታችኛ ከንፈር ላይ ያርፋል። ላይ ያለውን ዓለም የሚያየው በታች ያለው አንጎል ነው። ብዙ ተማሪዎች የሚደናገሩት ግልበጣውን ሁለትና ሦስት ጊዜ ስለሚያሰሉት ነው። ምስሉ የሚገለበጠው አንድ ጊዜ፣ ዓይን ውስጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጉዳቱ ከካያዝም በስተጀርባ፣ በቀኝ፣ በታችኛው መንገድ ላይ ነው። ካያዝም ራሱ አይሆንም። መካከሉ ሲጎዳ፣ ለምሳሌ የፒቱታሪ ዕጢ እብጠት ከሥር ሲገፋው፣ ተሻጋሪዎቹ ክሮች ይጎዳሉ፤ የሚጠፋውም የሁለቱም ዓይን የጆሮ በኩል መስክ ነው፤ ማለትም የግራ ዓይን ግራ፣ የቀኝ ዓይን ቀኝ። እዚህ ግን ሁለቱም ዓይኖች ያጡት አንድ ወገን፣ ግራን ነው። ትራክቱስ? ትራክት ሲጎዳ ብዙውን ጊዜ ከሩብ ይልቅ ሰፋ ያለና በሁለቱ ዓይኖች ቅርጹ የማይገጥም ጉድለት ይመጣል። በተጨማሪም ከተጎዳው ትራክት በተቃራኒው ያለው ዓይን የብሌን ምላሽ ይደክማል፤ ምክንያቱም የተሻጋሪዎቹ ክሮች ቁጥር ከማይሻገሩት ጥቂት ይበልጣል፤ የብሌን መልእክትም በትራክቱ ውስጥ ካለፈ በኋላ ነው ከዕይታው መንገድ የሚለየው። የዚህ ሰው ብሌኖች ጤናማ ናቸው። ይህ ትራክትን ሙሉ በሙሉ ባያስወግድም ወደ ኋላ እንድንገፋ ያስገድደናል። የትራክቱ መጨረሻ የሆነው ላተራል ጄኒኩሌት ሲጎዳ የሚታየው ቅርጽ ልዩና ብርቅ ስለሆነ እዚህ አልቆይበትም።

የቀሩት ሁለት ቦታዎች ናቸው፤ በቴምፖራል ሎብ ውስጥ የሚያልፉት የራዲዬሽን ክሮችና ኦክሲፒታል ኮርቴክስ። መልሱ የሚለው የመጀመሪያውን ነው፤ ለምን እዚያ እንደሚያልፉ ማወቅ ጥሩ ነው። ከጄኒኩሌት የሚነሡት የላይኛዎቹ ክሮች ያለ ብዙ ጠመዝማዛ በፓራይታል ሎብ በኩል ወደ ኋላ ይሄዳሉ። የታችኛዎቹ ግን ወደ ኋላ ከመሄዳቸው በፊት ወደ ፊት ይወጣሉ። በቴምፖራል ሎብ ውስጥ ያለውን የአንጎል ፈሳሽ ቋት ጫፍ ዞረው፣ ተጠማዝዘው ነው ወደ ኋላ የሚመለሱት። ይህ ጥምዝ እ.ኤ.አ. በ1907 በገለጸው በአዶልፍ ማየር ስም ይጠራል። ከጫፉ እስከ ሎቡ ፊት ያለው ርቀት ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። ለሚጥል በሽታ የሎቡ የፊት ክፍል በቀዶ ሕክምና ሲወጣ፣ አንዱ በሽተኛ የላይኛ መስኩን ሲያጣ፣ ሌላው በዚያው ልክ ተቆርጦለት ምንም ሳያጣ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ «ጉዳቱ ከሎቡ ጫፍ ይህን ያህል ሴንቲሜትር ላይ ነው» የሚል መልስ ከጠፋው መስክ አይወጣም።

ወደ ጓደኛሽ መልስ ልምጣ፤ በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋልና። የካልካሪን የታችኛ ከንፈር ሲጎዳም የግራ ላይኛ ሩብ በሁለቱም ዓይን ይጠፋል፤ 6/6 ይነበባል፤ ብሌኖቹም ጤናማ ይሆናሉ። አንድ ጊዜ የመረመርኳቸው እናት ምሳሌ ይሁኑኝ። የደም ግፊት ነበረባቸው፤ የልብ ምታቸውም ወጥ አልነበረም። በነጠላና በቀሚስ ጠርዝ ላይ ጥበብ እየጠለፉ ይተዳደሩ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ሲነሡ በግራ በኩል ከፍ ብሎ ያለው ነገር እንደማይታያቸው አወቁ። ወደ እኔ ያመጣቸው ግን ይህ አልነበረም። «ጥለቱን አያለሁ፤ በግራ በኩል ግን ቀለሙ አመድ ሆኖብኛል» አሉኝ። ቀይና አረንጓዴ ክር አምጥቼ በግራ ታችኛ ሩባቸው ስይዝላቸው ቁጥሩንና አቅጣጫውን በትክክል ይናገራሉ፤ ሁለቱንም ክር ግን ግራጫ ይሉታል። ወደ ቀኝ ሳዞረው ወዲያውኑ ቀዩን ቀይ፣ አረንጓዴውን አረንጓዴ አሉ። ይህ ምልክት ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ከተገኘ ግን ቦታውን በጣት እንደማመልከት ነው። ከካልካሪን ታችኛ ከንፈር ሥር፣ ተያይዞ ያለው አንጎል ቀለምን የሚያስለይ ነው። የሁለቱም ደም የሚመጣው ከአንድ የኋላ ደም ሥር ነው። ስትሮኩ የላይኛውን ሩብ ሲያሳውር፣ በቀረው የታችኛ ሩብ ደግሞ ቀለም ይነጥቃል። የኚህ እናት ጉዳት በእርግጥ ቀኝ ኦክሲፒታል ነበር።

ይህ የኮርቴክስ ካርታ የተገኘው በጦር ሜዳ ቁስል ነው። ታትሱጂ ኢኖዬ የሚባል ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1904ና 1905 በተደረገው የሩሲያና የጃፓን ጦርነት ጭንቅላታቸውን በጥይት የተመቱ ወታደሮችን መረመረ። ፈጣኑና ቀጭኑ ጥይት አንጎሉን ቀጥ ባለ መስመር አልፎ ስለሚወጣ፣ የመግቢያውንና የመውጫውን ቀዳዳ በማገናኘት የትኛው አንጎል እንደተጎዳ አሰላ፤ ከጠፋውም መስክ ጋር አነጻጸረው። እ.ኤ.አ. በ1909 ያሳተመው ሥራ የመሐል ዕይታ በኦክሲፒታል ሎብ የኋላ ጫፍ፣ ዳር ዳሩ ደግሞ ወደ ፊት እንደሚቀመጥ አሳየ። ዛሬም ከዚህ የምንጠቀምበት ነገር አለ። የመሐል ዕይታው ሳይነካ የዳሩ ሩብ ብቻ ከጠፋ ወደ ኦክሲፒታል እናዘነብላለን፤ ምክንያቱም የኋላ ጫፉ ብዙ ጊዜ ከሌላ ደም ሥር ጭምር ስለሚመገብ ከስትሮኩ ይተርፋል።

የሁለቱን ቦታዎች ካርታ በመሣሪያ ብታነሺው ሌላ ልዩነትም ታያለሽ። ክሮቹ ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር ከሁለቱ ዓይኖች ተመሳሳይ ነጥብ የሚመጡት እየተጠጋጉ ይሰለፋሉ። በኦክሲፒታል ጉዳት የግራና የቀኝ ዓይን ጉድለት አንዱ በሌላው ላይ ቢደረብ ይገጥማል፤ የታችኛ ጠርዙም አግድም መስመሩን ይዞ ቀጥ ሊል ይችላል። በቴምፖራል ጉዳት ግን ቅርጹ ወደ ሽብልቅ ያደላል፤ ቀጥ ያለው መሐል ለመሐል የሚወርደው ጠርዝ ነው፤ የታችኛው ጠርዝ ያዘመመ ነው፤ በሁለቱ ዓይኖችም ስፋቱ ሊለያይ ይችላል። ይህን እንደ ዝንባሌ እንጂ እንደ ሕግ አትያዢው። ሙሉው የግራ ግማሽ ከጠፋ ደግሞ መግጠም አለመግጠሙ የሚነግርሽ ነገር የለም፤ ሁለቱም ሙሉ ናቸውና።

አሁን የሰውየውን ቤት እንፈልግ። የመጀመሪያው ፍንጭ ሽታው ነው። ሌላ ሰው የማይሸተው፣ ድንገት መጥቶ በአንድ ደቂቃ የሚሄድ የተቃጠለ ጎማ ሽታ በቴምፖራል ሎብ ውስጠኛ የፊት ክፍል የሚነሣ አጭር የሚጥል በሽታ ምልክት ነው። ኦክሲፒታል ሎብ ሲቆጣ የሚታየው ብልጭታና ባለ ቀለም ክብ ነው እንጂ ሽታ አይሆንም። ሁለተኛው ጊዜው ነው። የጥበብ ጠላፊዋ ሌሊት ተኝተው ሲነሡ ነው ያጡት፤ ይህ የደም ሥር መዘጋት ባሕርይ ነው። የዚህ ሰው ግን ሦስት ሳምንት እየባሰ መጥቷል፤ እያደገ ያለ ነገር አለ ማለት ነው። ሦስተኛውና ትልቁ ጆሮው ነው። የመካከለኛው ጆሮ ጣሪያ ስስ አጥንት ነው፤ ከዚያ ጣሪያ በላይ የተቀመጠው ቴምፖራል ሎብ ነው። ለዓመታት መግል የሚያወጣ ጆሮ ያንን አጥንት ሊበላው ወይም በትንንሽ የደም ሥሮች በኩል ተሕዋሲያን ወደ ላይ ሊልክ ይችላል። ከጆሮ የሚነሣ የአንጎል መግል በብዛት የሚቀመጠው በዚያው ወገን ቴምፖራል ሎብ ወይም ሴሬቤለም ውስጥ ነው። ቀኝ ጆሮ፣ ቀኝ ቴምፖራል ሎብ፣ የማየር ጥምዝ፣ የግራ ላይኛ ሩብ፦ ሰንሰለቱ ያለ ክፍተት ተያያዘ። ትኩሳት አለመጠቀሱ አያሳስትሽ፤ የአንጎል መግል ያለበት ሰው ሁልጊዜ አያተኩሰውም።

ጥያቄው ሽታውንና ጆሮውን ባይጠቅስ ኖሮ «ቀኝ ቴምፖራል ሎብ» ብቸኛው ትክክለኛ መልስ ነው ብዬ አልፈርምም ነበር። ያን ጊዜ ትክክለኛው መልስ «ከካያዝም በስተጀርባ፣ ቀኝ፣ የታችኛው ራዲዬሽን ወይም የካልካሪን ታችኛ ከንፈር» ይሆናል። ይህን ማወቅሽ በፈተና አይጎዳሽም፤ በሽተኛ ፊት ደግሞ ያድንሻል።

ጤና ጣቢያ ሲልኩሽ የመስክ መለኪያ መሣሪያ አታገኚም፤ እኔም በከተማዋ ዳርቻ በምሠራባቸው ቀናት የለኝም። ስለዚህ በእጅ የሚደረገውን ምርመራ በሚገባ ልመጂው። ከሰውየው ፊት ለፊት አንድ ሜትር ያህል ርቀሽ፣ ዓይንሽ ከዓይኑ እኩል ከፍታ ላይ እንዲሆን ተቀመጪ። የግራ ዓይኑን ስትመረምሪ እሱ ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍን፤ አንቺ የግራ ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ፊት ለፊት ስለሆናችሁ የእሱ ግራ ዓይን የሚያየው ያንቺን ቀኝ ነውና። ዓይንሽን እንዲያይ ንገሪው። ከዚያ በሁለታችሁ መካከል ባለው ርቀት እኩሌታ ላይ፣ በአራቱም ሩቦች በየተራ አንድ፣ ሁለት ወይም አምስት ጣት አሳዪውና ይቁጠር። ጣትሽን አታንቀሳቅሺ፤ የማይንቀሳቀስ ነገር የማያይ ሰው የሚንቀሳቀሰውን ሊያይ ይችላል፤ ጉድለቱም ያመልጥሻል። በመጨረሻ የለስላሳ ጠርሙስ ቀይ ክዳን ውሰጂ። ከግራ ላይኛ ወደ ቀኝ ላይኛ ቀስ ብለሽ አሳልፊውና ቀለሙ የት ላይ እንደሚደምቅ ጠይቂው። ልክ መሐሉ ላይ፣ ከአፍንጫው ትይዩ፣ «አሁን ቀላ» ካለሽ ቀጥ ያለውን መስመር አገኘሽ። ይህ መስመር የአንጎል ጉዳት ፊርማ ነው። ግላኮማና የሬቲና ደም ሥር በሽታ የሚያከብሩት መስመር አግድሙን ነው እንጂ ይህን አይደለም። ሌላውንም ዓይን በዚሁ መንገድ ድገሚው።

ሦስት ነገሮች ያሳስቱሻል። የወረደ የዓይን ቆብ የላይኛ መስክን ይጋርዳል፤ ሁልጊዜ ቆቡን በጣትሽ አንሥተሽ ድገሚ። የቀኝ ፓራይታል ሎብ ጉዳት ያለበት ሰው ግራውን እያየ ይዘነጋዋል። በአንድ ወገን ብቻ ስታሳዪው ይቆጥራል፤ በሁለቱም ወገን አንድ ላይ ስታሳዪው ግን የግራውን ይተወዋል። ይህ የመስክ መጥፋት አይደለም። ሦስተኛው በፊልም ንባብ ላይ የሚደርስ ነው። የዕይታ መስክ ካርታ የሚታተመው በሽተኛው በሚያይበት ሁኔታ ስለሆነ የካርታው ግራ የሰውየው ግራ ነው። የሲቲ ስካን አግድም ምስል ግን ከእግሩ በኩል እንደሚታይ ነው የሚነበበው፤ የምስሉ ግራ የሰውየው ቀኝ ነው። ስለዚህ የዚህ ሰው ካርታ በግራ ጠቁሮ፣ መግሉም በምስሉ በግራ በኩል ይታያል፤ ፊልሙን የማያውቅ ሰው «አንድ ወገን ናቸው» ብሎ ይጽፋል። ምስሉ ላይ የተጻፈውን የቀኝና የግራ ምልክት ሳታነቢ ወገን አትጻፊ።

አሁን ከፈተናው ወጥተን ሰውየው በእርግጥ ፊትሽ ተቀምጧል እንበል። ይህ ሰው ቀጠሮ ተሰጥቶት ወደ ቤቱ የሚሄድ አይደለም። በዚያው ቀን ምስል ወደሚነሣበትና የአንጎል ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ የሚያስፈልገውም ቢቻል ኤምአርአይ፣ ካልሆነ በደም ሥር ማጉሊያ መድኃኒት የተሰጠበት ሲቲ ስካን ነው። ምስሉ ሳይታይ «ማጅራት ገትር ይሆናል» ተብሎ ከጀርባው ፈሳሽ እንዳይወሰድ፤ አንጎሉ ውስጥ ግፊት ካለ ይህ ምርመራ አንጎሉን ወደ ታች ሊያንሸራትተው ይችላል። የዓይኑን ውስጥ መመልከቻ ካለ የኦፕቲክ ነርቩ ጫፍ ማበጡን እዪ፤ አለማበጡ ግን ግፊት የለም ማለት አይደለም። የኤችአይቪ ምርመራ ውጤቱም ይታወቅ፤ በዚህ ዕድሜ እየሰፋ የሚሄድ የአንጎል ጉዳት የሚያመጡ ሌሎች ምክንያቶችን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያደርጋልና። ቲቢም ሆነ ዕጢ እዚያው ቦታ ተቀምጠው ያንኑ ሩብ ሊወስዱ ይችላሉ፤ መስኩ ቦታን እንጂ የበሽታውን ዓይነት አይናገርም።

አንድ ለውጥ ግን ከሁሉም በላይ አስጊ ነው። ጠዋት ሩብ የነበረው ጉድለት ከሰዓት በኋላ ወደ ሙሉው የግራ ግማሽ ከሰፋ፣ ሰውየው ከደነዘዘና የቀኝ ብሌኑ ከሰፋ፣ ያበጠው ቴምፖራል ሎብ ወደ ታች ተንሸራትቶ የኋላውን የደም ሥር እየጨመቀ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የጓደኛሽ ኦክሲፒታል ሎብም አብሮ ይጎዳል። ይህ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። መስኩን ስትመረምሪ ሰዓቱን መጻፍ ያለብሽም ለዚህ ነው፤ ተቀባዩ ሐኪም የሰፋ መሆኑን የሚያውቀው ካንቺ ወረቀት ብቻ ነው።

በሪፈር ወረቀቱ ላይ «የግራ ዓይን ድካም» ብለሽ እንዳትጽፊ አጥብቄ እመክራለሁ። እንዲህ ከተጻፈ ሰውየው የዓይን ክፍል ተረኛ ዘንድ ይደርስና 6/6 አንብቦ ይመለሳል። እንዲህ ጻፊ፦ «ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ በእጅ ሲመረመር፣ ዓይኖቹ በየተራ ተሸፍነው፣ በሁለቱም የግራ ላይኛ ሩብ የለም፤ ጠርዙ መሐል ላይ ቀጥ ያለ ነው። 6/6 በሁለቱም። ብሌኖች እኩልና ጤናማ። ቀኝ ጆሮ ለዓመታት መግል ያወጣል። የ3 ሳምንት እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፤ የሽታ ስሜት ያለው አጭር የሚጥል ምልክት። የሚጠረጠር፦ ከጆሮ የተነሣ የቀኝ ቴምፖራል ሎብ መግል። ምስል ዛሬ።»